አበል ደመወዝ አይደለም፦ ሥራ ስንቀይር የሚያምታታን ነገር

ሰሞኑን እዚህ ደሴ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነገር አለ። «ኮምቦልቻ ያለው ፋብሪካ የተሻለ ይከፍላል፣ ልግባ?» ትላላችሁ። አብሽሩ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን እንየው።

አሁን ያለው ሥራ 17,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝ አለው እንበል። ፋብሪካው 12,000 መሠረታዊ ደመወዝና 8,000 የቤትና የትራንስፖርት አበል፣ በድምሩ 20,000 ያቀርባል። እድገት ይመስላል። ጡረታ ግን የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደመወዝ ብቻ ነው፤ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። አበሉ አይቆጠርም።

የጡረታ አበል የሚሰላውም በመጨረሻዎቹ የአገልግሎት ዓመታት አማካይ መሠረታዊ ደመወዝ ነው። ለ10 ዓመት አገልግሎት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው 48.75 በመቶ ያገኛል። በ12,000 ሲሰላ 5,850 ብር ነው፤ በ17,000 ደግሞ 8,287 ብር ከ50 ሳንቲም።

ስለዚህ ጡረታ የቀረበው ሰው በጣም ይጠንቀቅ። ገና ወጣት የሆነ ግን መሠረታዊ ደመወዙን በኋላ ማሳደግ ስለሚችል ብዙም አይጎዳም፤ ከአበሉ በየወሩ ቆርጦ ይቆጥብ እንጂ። አበል ከእጅ ቶሎ ያልቃል፣ አይቼዋለሁ።

ከመንግሥት ወደ ግል ብትሄዱም የአገልግሎት ዘመናችሁ ይያያዛል፤ ይህ የታወቀ ነው። የአበሉ ግብር ግን እንደ አበሉ ዓይነት፣ ሠራተኛውና አሠሪው አብረው የሚያጠራቅሙበት ፕሮቪደንት ፈንድ መኖርም ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያያል። ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።