“ኡበር ሁለት ጊዜ ቆረጠብኝ”፦ ስለ ኡበር ክፍያና ቲፕ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

“አንድ ጊዜ ሄጄ ሁለት ጊዜ ቆረጡብኝ።”

በባንክ ሒሳብዎ ዝርዝር ላይ ቀድሞ የሚታየው መስመር ብዙውን ጊዜ መያዣ ነው፤ ክፍያ አይደለም። መኪና ሲጠሩ ኡበር ስልክዎ ላይ ያሳየዎትን ዋጋ ያህል ገንዘብ እንዲያዝለት ባንክዎን ይጠይቃል። ባንኩ ካርዱ እንደሚሠራና ገንዘቡ መኖሩን አይቶ ያን ያህሉን ለጊዜው ያግደዋል፣ ለኡበር ግን ገና አልሰጠም። ትክክለኛው ሒሳብ የሚወሰደው ጉዞው ካለቀ በኋላ ነው። የመጨረሻው ዋጋ ከተያዘው ከተለየ መያዣው ይሰረዝና አዲስ ክፍያ ይገባል። ባንኩ የተሰረዘውን መያዣ ከዝርዝሩ እስኪያወጣው ድረስ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

በቁጥር እንየው። አንድ ሰው ዓርብ ማታ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ደለስ ኤርፖርት ኡበር ጠራ እንበል። አፑ 46.20 ዶላር አለው፤ ያው 46.20 ተያዘ። ሻንጣውን ከቤት እስኪያወርድ ሾፌሩን ስላስጠበቀው የመጠበቂያ 1.20 ተጨመረበትና ጉዞው በ47.40 ተዘጋ። ኤርፖርት ከገባ በኋላ 7 ዶላር ቲፕ ሰጠ። ቅዳሜ ጠዋት የባንኩን አፕ ሲከፍት ይህን ሊያገኝ ይችላል፦

```
UBER *PENDING    46.20
UBER *TRIP       47.40
UBER *TRIP        7.00
```

ሲደመር 100.60 ነው፤ ያስደነግጣል። የእሱ ዕዳ ግን 54.40 ብቻ ነው። የመጀመሪያው መስመር እንደ ባንኩ አሠራር ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 የሥራ ቀናት ውስጥ በራሱ ይጠፋል። ቅዳሜና እሑድ የሥራ ቀን ስላልሆኑ የዓርብ ማታ ጉዞ እስከ ሚቀጥለው ሳምንት አጋማሽ ወይም ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል።

ችግሩ የሚከብደው በዴቢት ካርድ ለሚከፍል ሰው ነው። በክሬዲት ካርድ የሚቀንሰው መበደር የሚችሉት መጠን ነው፤ በዴቢት ካርድ ግን የታገደው የራስዎ ገንዘብ ስለሆነ የቤት ኪራይ በሚወጣበት ሳምንት 46 ዶላር መታገዱ ሊያሰናክል ይችላል። ሒሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ ጥቂት ከሆነ ይህን አስቀድሞ ማሰብ ነው።

በእርግጥ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ እንደሆነ ለማወቅ የሚታየው መጠኑ ሳይሆን ሁኔታው ነው። አንዱ መስመር ገና `Pending` የሚል ከሆነ ይጠብቁ። ሁለቱም `Posted` ሆነው ለአንድ ጉዞ ሁለት ሙሉ ዋጋ ካለ ግን ስሕተት ነው፤ በኡበር አፕ `Activity` ውስጥ ጉዞውን ከፍተው በ`Help` በኩል ያመልክቱ። ወደ ባንክ ሮጦ ክፍያውን ማስከልከል የመጨረሻው እርምጃ ይሁን። መያዣውን ነው ብለው ትክክለኛውን ክፍያ ካስከለከሉ ኡበር ጋር ያልተከፈለ ዕዳ ሆኖ ሊቆጠርብዎት ይችላል።

“ስጠራ ያየሁት ዋጋ ሌላ ነበር፤ ሾፌሩ ነው የጨመረብኝ።”

አዲስ አበባ ራይድ ወይም ፈረስ የለመደ ሰው ሒሳቡን ከሾፌሩ ጋር ይዘጋል፤ ጥሬ ብር ይሰጣል፣ ወይም በቴሌብር ይልክና ይወርዳል። ስለዚህ ዋጋ ሲቀየር ዓይኑ የሚያርፈው ሾፌሩ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የኡበር ሾፌር የካርድዎን ቁጥር አያይም፣ የሚከፍሉትንም ዋጋ በእጁ አይጽፍም። መድረሱን፣ ጉዞው መጀመሩንና ማለቁን ስልኩ ላይ ይነካል፤ የቀረውን የኩባንያው ሲስተም ያሰላል።

ዋጋው የሚቀየረው ጉዞው ሲቀየር ነው። መድረሻ ከቀየሩ፣ መንገድ ላይ “እዚህ ጋ አንዴ ቁም” ብለው ማቆሚያ ከጨመሩ፣ ወይም ሳይታሰብ ለማለፍ በሚከፈልበት አውራ ጎዳና ከተሄደ ሒሳቡ እንደገና ሊሠራ ይችላል። ሰው የሚረሳው የመጠበቂያውን ነው። በተራው ኡበርኤክስ ሾፌሩ ከደረሰ 2 ደቂቃ በኋላ በየደቂቃው መቆጠር ይጀምራል፤ በኡበር ብላክ ደግሞ ከ5 ደቂቃ በኋላ። “መጣሁ፣ መጣሁ” እያሉ ሊፍት መጠበቅም ይቆጠራል።

ሾፌሩ ጥፋት የሚኖርበት አጋጣሚም አለ፤ ለምሳሌ እርስዎ ከወረዱ በኋላ ጉዞውን መዝጋት ረስቶ ቢነዳ። ይህን ደረሰኙ ላይ ያለው ካርታ ያሳብቃል፤ መስመሩ ከቤትዎ አልፎ ይሄዳል። ያንን ይዘው በ`Help` በኩል ዋጋው እንዲታይልዎ መጠየቅ ይችላሉ።

“ቲፑ ከዋጋው ጋር ተቆርጧል፤ ሌላ መስጠት አያስፈልግም።”

አልተቆረጠም። ጉዞው ሲያልቅ አፑ ኮከብ ይጠይቃል፣ ከዚያ የቲፕ ቁጥሮችን ያሳያል። በአፑ ውስጥ ቋሚ ቲፕ አስቀድመው ካልወሰኑ በቀር ካልነኩት ምንም አይሄድም። ሲነኩት ደግሞ ከዋጋው በኋላ የመጣ ስለሆነ እንደላይኛው ምሳሌ ለብቻው ሊቆረጥ ይችላል፤ የተስተካከለ ደረሰኝም በኢሜይል ይደርስዎታል። የቅናሽ ኮድ ዋጋውን ቢቀንስም ቲፑን አይሸፍንም፤ ስለዚህ “ጉዞው ነፃ ነበር” የሚል ሰው ካርዱ ላይ 5 ዶላር ቢያይ የሰጠው ቲፕ ነው።

ኡበር በአሜሪካ ቲፕን በአፑ ውስጥ ያስገባው በ2017 ነው። ከዚያ በፊት ኩባንያው ቲፕ አያስፈልግም ሲል ስለኖረ አሮጌው ልማድ ብዙ ሰው ጋ እስካሁን አለ።

“በአፑ ብሰጥ ኩባንያው ይቀንስበታል፤ ጥሬ ገንዘብ ይሻላል።”

ኡበር ከቲፕ ላይ የአገልግሎት ድርሻውን አይወስድም፤ 7 ዶላር ከሰጡ ለሾፌሩ የሚመዘገበው 7 ዶላር ነው። የዋጋው ነገር ግን ሌላ ነው። የከፈሉት 47.40 በሙሉ ሾፌሩ እጅ አይገባም፤ የእሱ ክፍያ ለብቻው ይሰላል፣ እርስዎ ስንት እንደከፈሉም ጉዞውን ሲቀበል አያይም። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ሲያትል ኡበር የሚነዳ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ልዩነት ከእሱ ሰምቶት ይሆናል።

ጥሬ ገንዘብ መስጠትም ይቻላል፣ የሚከለክል የለም። ደረሰኙ ላይ ግን አይታይም፤ መሥሪያ ቤቱ የትራንስፖርት ወጪ የሚመልስለት ሰው ለዚያ ገንዘብ ማስረጃ አያገኝም።

“ከመኪናው ወረድኩ፤ ቲፑ አመለጠኝ።”

ኡበር ላይ ከጉዞው በኋላ እስከ 90 ቀን መስጠት ይቻላል። `Activity` ከፍተው ጉዞውን ይምረጡ፣ ቲፕ የሚለውን ይንኩ። ካሰቡት የተለየ መጠን ለመስጠት የራስዎን ቁጥር የሚጽፉበት ቦታ አለ። ከማረጋገጥዎ በፊት ቁጥሩን ደግመው ይዩት፤ 7.00 ለማለት 70 የጻፈ ሰው ሾፌሩን ሳይሆን የኡበርን የደንበኞች አገልግሎት ነው መለመን ያለበት።

“ቲፕ ካልሰጠሁ ኮከቤን ይቀንሰዋል።”

ሾፌሩ ኮከብ እንዲሰጥ የሚጠየቀው ጉዞው እንደተዘጋ ነው፤ ያኔ እርስዎ ገና ሻንጣ እያወረዱ ነው። ቲፑ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በኋላ ይደርሰዋል።

“ካርዴ ባዶ ስለነበር ሳይቆርጡ ቀሩ።”

ዕዳው አካውንትዎ ላይ ይቀመጣል። ቀጣዩን መኪና ሲጠሩ አፑ መጀመሪያ ያልተከፈለውን እንዲከፍሉ ይጠይቃል፤ ሌላ ካርድ አስገብተው ካልዘጉት ጉዞ አይሰጥዎትም። ሌሊት 9 ሰዓት በረራ ያለው ሰው ይህን ከበሩ ላይ ቆሞ እንዳያውቀው ዋዜማውን አፑን ከፍቶ ማየት አለበት።