ከጋምቤላ እስከ ጅጅጋ የእርሻ መሬት ስፋትን መለካት፦ ስለ ፕሮጀክሽን ምርጫ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ዩቲኤም ዞን 37ን ነው፤ የሁሉም ማሳ ስፋት በእሱ ይሰላ።»

ፕሮጀክሽን ክብ የሆነውን የምድር ገጽ ወደ ጠፍጣፋ ካርታ የሚያዛውር ስሌት ነው፤ ዩቲኤም ደግሞ ምድርን 6 ዲግሪ ስፋት ባላቸው ሰቆች እየከፈለ ለእያንዳንዱ ሰቅ የራሱን ፕሮጀክሽን ይሰጣል። ዞን 37 የተዘጋጀው በምሥራቅ ኬንትሮስ ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ላለው ሰቅ ብቻ ሲሆን፣ አገሪቱ ግን ከ33 እስከ 48 ዲግሪ ድረስ ትዘረጋለች። ጋምቤላ ከተማ በ34.6 ዲግሪ አካባቢ ስለምትገኝ ከዞን 36 ውስጥ ትገባለች፤ ጅጅጋ ደግሞ በ42.8 ዲግሪ አካባቢ በመሆኗ የዞን 38 ናት። ሶፍትዌሩ ከሰቁ ውጪ ያለን ማሳ በዞን 37 መለያ ኮድ፣ በ`EPSG:32637`፣ ሲያሰላ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ቁጥር ያወጣል፤ ስሕተቱ ሳይታይ ወደ ሪፖርት የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዩቲኤም በማዕከላዊ ሜሪዲያኑ ላይ፣ ማለትም በዞን 37 በ39 ዲግሪ ላይ፣ ርዝመትን በ0.9996 ያባዛል። ስፋት የሁለት ርዝመቶች ብዜት በመሆኑ በዚያ መስመር ላይ 0.08 በመቶ ያህል ይጎድላል። ከሜሪዲያኑ ወደ ምሥራቅም ሆነ ወደ ምዕራብ በተራቀ ቁጥር ማባዣው እያደገ ይሄዳል፤ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ልክ 1 ይሆንና ከዚያ በኋላ ስፋቱን ማጋነን ይጀምራል። ባሕር ዳር ማባዣው 1 ከሚሆንበት መስመር አጠገብ ስለምትገኝ፣ እዚያ ማሳ ለክቶ «ዩቲኤም ምንም አያዛባም» ብሎ የሚደመድም ሰው ያየው እውነት ነው፤ የመረጠው ቦታ ግን ችግሩን ሊያሳየው አይችልም።

እውነተኛ ስፋቱ 100,000 ሄክታር የሆነ የእርሻ መሬት በሦስት ቦታዎች አለ እንበል። ሁሉንም በዞን 37 ብናሰላ፣ በ39 ዲግሪ ላይ ያለው 99,920 ሄክታር ገደማ፣ በጅጅጋ አካባቢ ያለው 100,350 ገደማ፣ በጋምቤላ አካባቢ ያለው ደግሞ 100,500 ገደማ ሆኖ ይወጣል። እኩል የሆኑት መሬቶች በሠንጠረዡ ላይ እስከ 580 ሄክታር ይለያያሉ፤ የልዩነቱም ምክንያት ከመሬቱ ሳይሆን ከ39 ዲግሪ ካላቸው ርቀት ነው። በአገሪቱ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ወደ 48 ዲግሪ ሲጠጉ፣ ትርፉ ከ2 በመቶ ያልፋል።

«እንግዲያው እያንዳንዱ ማሳ በራሱ ዞን ይሰላ፤ ችግሩ ያልቃል።»

ይቀንሳል እንጂ አያልቅም። በዞኑ መካከል የ0.08 በመቶ ጉድለት፣ በዞኑ ጠርዝ ደግሞ ወደ 0.19 በመቶ የሚጠጋ ትርፍ ይቀራል። ለነጠላ ማሳ ይህ የሚናቅ ነው። ከዚህ የሚብሰው የሥራው ጣጣ ነው፤ በ36 ወይም በ42 ዲግሪ መስመር የሚቆረጥ ወረዳ በሁለት ፋይል ይከፈላል፣ በድንበሩ ላይ ያለ ማሳም ሁለት ጊዜ ይቆጠራል ወይም ጨርሶ ይረሳል። እንዲህ ያለው ስሕተት ከፕሮጀክሽኑ መዛባት በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

«ዋናው ነገር አሃዱ ሜትር መሆኑ ነው፤ የድር ካርታዎች የሚጠቀሙበት `EPSG:3857` በሜትር ስለሆነ ይበቃል።»

ሜትር ተብሎ መጻፉ መሬት ላይ ያለ ሜትር መሆኑን አያረጋግጥም። ይህ መርካቶር የተባለ ፕሮጀክሽን ከምድር ወገብ በተራቀ ቁጥር ሁሉን ነገር ያሰፋል፤ በአርባ ምንጭ አካባቢ ስፋትን በ1.8 በመቶ፣ በሑመራ አካባቢ ደግሞ በ7 በመቶ ያህል ያጋንናል። በሑመራ 500 ሄክታር የሆነ የሰሊጥ እርሻ 535 ሄክታር ገደማ ሆኖ ይነበባል። ማዛባቱ ከኬክሮስ ጋር ስለሚለዋወጥ በአንድ ማካካሻ ቁጥር ማረምም አይቻልም።

«ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለሰፋ አካባቢ ላምበርት ኮንፎርማል ይመረጣል።»

የዚህ አባባል ግማሹ ልክ ነው። ወደ ጎን ለሚዘረጋ አገር ከቁመታም ሰቅ ይልቅ ሾጣጣ ፕሮጀክሽን ይስማማል፤ መዛባቱ የሚወሰነው በኬክሮስ እንጂ በኬንትሮስ ስላልሆነ ጋምቤላና ጅጅጋ ከአንድ ሜሪዲያን በመራቃቸው ምክንያት አይጎዱም። ነገር ግን «ኮንፎርማል» የሚጠብቀው ማዕዘንን ነው። ላምበርት ኮንፎርማልን በ5.3 እና በ13 ዲግሪ መደበኛ ኬክሮሶች፣ ማለትም መዛባት በሌለባቸው መስመሮች፣ ብናቆመው፣ በአገሪቱ መካከል ስፋት በግማሽ በመቶ ገደማ ያንሳል፣ በሰሜንና በደቡብ ጠርዝ ደግሞ በዚያው መጠን ይበልጣል። ለስፋት የሚያስፈልገው የአልበርስ እኩል ስፋት ሾጣጣ ፕሮጀክሽን ነው። ለመላ ኢትዮጵያ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

```
+proj=aea +lat_1=5.3 +lat_2=13 +lat_0=9 +lon_0=40.5 +x_0=0 +y_0=0 +datum=WGS84 +units=m +no_defs
```

ሁለቱ መደበኛ ኬክሮሶች የተገኙት የአገሪቱን ደቡባዊና ሰሜናዊ ጫፍ፣ ማለትም 3.4 እና 14.9 ዲግሪን ይዞ፣ ከርቀታቸው አንድ ስድስተኛውን ከሁለቱም በኩል ወደ ውስጥ በመግባት ነው።

«ኬክሮሶቹን በትንሹም ብንስት ስፋቱ ይበላሻል።»

አይበላሽም፤ ይህን ብዙ ባለሙያዎችም ሲዘነጉት አያለሁ። በአልበርስ ውስጥ ኬክሮሶቹን 4 እና 14 ብናደርጋቸውም ስፋቱ ያው ነው፤ የሚለወጠው የቅርጽና የርዝመት መዛባት ነው። ለዓለም አቀፍ መረጃ የተዘጋጀው ሲሊንደራዊ እኩል ስፋት ፕሮጀክሽን፣ `EPSG:6933`፣ ነገሩን በግልጽ ያሳያል፤ በ9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነ ማሳ 88 ሜትር ገደማ ወርድና 114 ሜትር ገደማ ቁመት ይዞ ይታያል፣ ብዜቱ ግን አንድ ሄክታር ሆኖ ይቀራል። ለዓይን የማያምር ካርታ ትክክለኛ ስፋት ሊሰጥ ይችላል ማለት ነው። የአጥር ርዝመት ለመለካት ወይም ችካል ለመትከል ግን ይህን ፈጽሞ መጠቀም አይገባም፤ ለዚያ የአካባቢው ዩቲኤም ይሻላል።

«በኪውጂአይኤስ ፕሮጀክሽኑን ስቀይረው ስፋቱ አልተለወጠም፤ ስለዚህ ምርጫው ለውጥ አያመጣም።»

ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር ውስጥ ምናልባት የተጠቀሙት `$area`ን ነው። ይህ ትእዛዝ በፕሮጀክቱ ቅንብር ኤሊፕሶይድ፣ ማለትም የምድርን ቅርጽ የሚወክል ሞላላ አካል፣ እስከተመረጠ ድረስ ስፋቱን በኤሊፕሶይዱ ላይ ስለሚያሰላ በፕሮጀክሽን ለውጥ አይነቃነቅም። `area(@geometry)` ግን የሌየሩን ኮኦርዲኔቶች እንዳሉ ወስዶ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ እንዳለ ሥዕል ያሰላል፤ ፕሮጀክሽኑ የሚወስነው ይህን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስላት ጥሩ መፈተሻ ይሆናል። ሌየሩ በ`EPSG:4326` ከሆነ በሄክታር የሚከተለው ይጻፋል፦

```
area(transform(@geometry, 'EPSG:4326', 'EPSG:6933')) / 10000
```

አሃዱን ካስተካከሉ በኋላ ይህና `$area` መቀራረብ አለባቸው። ፈተናው ትርጉም የሚኖረው ማሳዎቹ ከምዕራብ፣ ከመካከል፣ ከምሥራቅ፣ ከሰሜንና ከደቡብ ሲመረጡ ነው፤ በ`area(@geometry)` እና በ`$area` መካከል ያለው ልዩነት ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ጫፎቹ እያደገ ከሄደ ከዩቲኤም ጋር፣ ወደ ሰሜን እያደገ ከሄደ ከመርካቶር ጋር እንደሚሠሩ ይወቁ።

«የግማሽ በመቶ ስሕተት የገበሬውን ይዞታ ያሳጣዋል።»

ግማሽ ሄክታር በሆነ ማሳ ላይ ግማሽ በመቶ 25 ካሬ ሜትር ነው፤ ይህም በዙሪያው ካለው 280 ሜትር ገደማ ወሰን ላይ የ9 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰቅ ማለት ነው። በእጅ ጂፒኤስ ወሰኑን የሚዞር ሰው ግን ነጥቦቹን በበርካታ ሜትሮች ሊስት ይችላል። በተዳፋት ላይም፣ 20 በመቶ ቁልቁለት ባለው ማሳ፣ በገመድ መሬት ለመሬት የተለካው ስፋት ከአግድሙ ስፋት በ2 በመቶ ይበልጣል። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የጂፒኤሱ ስሕተት በአንዱ ማሳ ሲያጎድል በሌላው ስለሚያተርፍ በብዙ ማሳዎች ድምር ውስጥ በአብዛኛው ይጣፋል፤ የፕሮጀክሽኑ ስሕተት ግን በጋምቤላ ባሉ ማሳዎች ሁሉ ላይ በአንድ አቅጣጫ ስለሚጨምር ድምሩ ቢበዛም አይጣፋም።