ኤክሳይስ ታክስ፦ ሲጋራ፣ ቢራና ቤንዚን ለምን ለብቻቸው ይቀረጣሉ?

ኤክሳይስ በተመረጡ ዕቃዎች ላይ ብቻ የሚጣል ታክስ ነው። በብዙ አገር ነዳጅ፣ አልኮልና ትምባሆ ከዝርዝሩ አይጠፉም። ዋናው ምክንያት ጤና ነው ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ገንዘብ ነው። አጫሽ ዋጋ ጨመረ ብሎ ወዲያው አያቆምም፣ ባለመኪናም ቤንዚን ሳይቀዳ አይውልም። ስለዚህ ታክሱ ቢጨምርም ገበያው በዚያው ልክ አይወርድም። አምራቾቹና አስመጪዎቹም ጥቂት ስለሆኑ ሰብሳቢው እያንዳንዱን ሱቅ መዞር አይጠበቅበትም፤ ፋብሪካው በር ላይ ወይም ጉምሩክ ላይ ይቀበላል።

ከባዱ ጥያቄ ስሌቱ በምን ላይ ይቁም የሚለው ነው። በኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 307 የአገር ውስጥ ምርትን ኤክሳይስ የሚያሰላው በማምረቻ ወጪ ላይ ነበር። ለሲጋራ 75 በመቶ ይል ነበር፤ ሲሰሙት ያስደነግጣል። ግን ወጪውን የሚያውቀው ራሱ ፋብሪካው ነው። ዝቅ አድርጎ ካስመዘገበ ታክሱም አብሮ ይወርዳል። ይህን ለማጣራት ደግሞ የሂሳብ መዝገብ ውስጥ መግባት የግድ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 መሠረቱን ወደ ፋብሪካ መሸጫ ዋጋ አዞረው። ለሲጋራም ሁለት ነገር አጣመረ፦ የዋጋው 30 በመቶ፣ ሲደመር በ20 ፍሬ ፓኮ 8 ብር።

ለምሳሌ ያህል ፋብሪካው አንዱን ፓኮ በ20 ብር፣ ሌላውን በ60 ብር ይሸጣል እንበል። የመጀመሪያው 6 ሲደመር 8፣ ማለትም 14 ብር ይከፍላል፤ የዋጋው 70 በመቶ ነው። ሁለተኛው 18 ሲደመር 8፣ 26 ብር፤ ይህ 43 በመቶ ገደማ ነው። ርካሹ ላይ ይከብዳል ማለት ነው። የታሰበውም ይኸው ነው፤ ታክሱ በመቶኛ ብቻ ቢሆን አጫሹ ወደ ርካሹ ዞር ብሎ ያመልጣል። ተጨማሪ እሴት ታክሱም የሚሰላው ኤክሳይሱ ከተደመረ በኋላ ነው።

የብሩ ክፍል ግን አንድ ድክመት አለው። ዋጋ ሁሉ ሲንር 8 ብር እዚያው 8 ብር ሆኖ ይቀራል። በየጊዜው ካልተስተካከለ ውሎ አድሮ ትርጉሙን ያጣል። ታክሱ ሲከብድ ደግሞ ኮንትሮባንዱ ይደራል። አዋጁ በምርቱ ላይ የሚለጠፍ የኤክሳይስ ቴምብር ያስገባው ለዚህ ነው፤ ቴምብር የሌለው ፓኮ ገና በዓይን ያስጠረጥራል።

አልኮል ላይ ያለው ክፍተት ሌላ ነው። የፋብሪካ ቢራ በሊትር ይለካል። ጓዳ የሚጠመቀውን ጠላና የሚወጣውን አረቄ ግን ማን ይለካዋል? ቢራው ሲወደድ ጠጪው ወደ አረቄ ቤት ካመራ፣ መንግሥት ገቢውን ያጣል፣ ጤናውም አልተጠበቀም።

የነዳጅ ነገር ደግሞ ከጤና ይልቅ ከኑሮ ጋር ይያያዛል። የ1995ቱ አዋጅ ቤንዚን ላይ 30 በመቶ ሲጥል ናፍጣንና ላምባን በዝርዝሩ አላካተተም። ናፍጣ የጭነት መኪናና የአውቶቡስ ነው። ላምባ ደግሞ የደሃ ምድጃ ነው። ናፍጣ ላይ የተጨመረ ብር ጤፍ ዋጋ ላይ ብቅ ማለቱ አይቀርም።