የመድኃኒት ወረቀትን ማቅለል ምንድን ነው? የወባ ኪኒን እንደ ምሳሌ

ከጤና ጣቢያ ወይም ከፋርማሲ መድኃኒት ስንቀበል አንዳንዴ አንድ ወረቀት አብሮ ይሰጠናል። ኪኒኑ እንዴት እንደሚዋጥ፣ ምን ሲያጋጥም ተመልሶ መምጣት እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚናገረው በሐኪም አፍ መሆኑ ነው። ማቅለል ማለት ያንኑ ወረቀት አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ሰው አንብቦ ሊሠራበት በሚችል አማርኛ እንደገና መጻፍ ነው። አንዳንዱ ሰው ከባዱን ቃል አውጥቶ ቀላል ቃል መተካት ብቻ ይመስለዋል። እሱ ግን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው።

በጣና ዙሪያ የሚታወቀውን ወባ እንውሰድ። ፎገራና ደምቢያ የወባ አገር ናቸው፤ ባሕር ዳርም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ በወባ የሚታመም አታጣም። ፋልሲፓረም ለተባለው የወባ ዓይነት የሚሰጠው የተለመደ መድኃኒት አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ነው። ሰዉ ግን ኮአርተም ነው የሚለው። አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ 4 ኪኒን ይውጣል፤ በሦስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ፣ በድምሩ 24 ኪኒን።

ታዲያ ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አለ እንበል፦ «4 እንክብል በአፍ የሚወሰድ ሆኖ፣ ሁለተኛው ዶዝ ከ8 ሰዓት በኋላ፣ ቀጣዮቹ በየ12 ሰዓቱ ለተከታታይ 2 ቀናት ቅባትነት ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳሉ።»

እዚህ ላይ የሚያስቸግረው «ዶዝ» አይደለም። «ዶዝ» የሚለውን ገበሬውም ያውቀዋል። አደገኛው «ከ8 ሰዓት በኋላ» የሚለው ነው። እንደ ጻፊው ሐሳብ ስምንት ሰዓት ያህል ቆይቶ ማለት ነው። እንደ አንባቢው ግን ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማለትም ምሳ ከተበላ በኋላ ሊሆን ይችላል። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን የዋጠ ሰው ሁለተኛውን በአራት ሰዓት ልዩነት ሊደግመው ነው ማለት ነው። ቃሉ ሁሉ ቀላል ነው፤ አንድም የሕክምና ቃል የለበትም። ግን አሳሳተ።

መፍትሔው የሰዓቱን ርቀት መጻፍ ትቶ ሰዓቱን ራሱን መጻፍ ነው። አንድ ሰው ከዘጌ በጀልባ መጥቶ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ ውስጥ የመጀመሪያውን ዋጠ እንበል። ወረቀቱ ላይ ባለሙያው በእስክሪብቶ የሚሞላው ባዶ ቦታ ይኖራል። ሲሞላ እንዲህ ይነበባል፦

«የመጀመሪያውን አራት ኪኒን ዛሬ ጠዋት በ4 ሰዓት ውጠዋል። ዛሬ ማታ በ12 ሰዓት አራት ኪኒን ይዋጡ። ነገ ጠዋት አራት ኪኒን፣ ነገ ማታ አራት ኪኒን ይዋጡ። ከነገ ወዲያም እንደዚሁ ጠዋትና ማታ። ያን ጊዜ ኪኒኑ ያልቃል።»

ልብ በሉ፦ የኪኒኑ ቁጥር በፊደል፣ ሰዓቱ ደግሞ በአኃዝ ነው የተጻፈው። «ጠዋት 4» ብለን ብንተወው አራት ኪኒን ይሁን አራት ሰዓት አይለይም። «ይወሰዳሉ» የሚለውም ወጥቷል። ማን ነው የሚወስደው? «ይዋጡ» ሲባል ግን ሰውየው ለእሱ እንደተነገረ ያውቃል፤ አክብሮቱም አልቀረም። ባዶ ቦታው ያስፈለገው ደግሞ ሁሉም ጠዋት ስለማይመጣ ነው። ከሰዓት በኋላ በ11 ሰዓት የጀመረ ሰው ሁለተኛው የሚደርሰው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። ያንን አስቀድሞ ካልተነገረው ተኝቶ ያልፈዋል። ስልኩ ላይ የሚያየው የፈረንጅ ሰዓት ከሆነም ባለሙያው በየትኛው እንደጻፈ መናገር አለበት።

ወደ ቅባቱ እንምጣ። መድኃኒቱ ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪን በደንብ ወደ ደም የሚገባው ምግብ ውስጥ ቅባት ሲኖር ነው። በባዶ ሆድ ከተዋጠ ብዙው ሳይሠራ ይወጣል። ስለዚህ ብዙ ወረቀት «ከወተት ጋር» ይላል። ቀላል ቃል ነው፤ ግን የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው፣ ወባው በበረታበት ወቅት። ጾመኛ «ወተት» ሲያነብ ወይ መመሪያው እሱን እንደማይመለከተው ያስባል፣ ወይ ኪኒኑን ብቻውን ይውጣል። ስለዚህ «ወተት፣ ወይም ዘይት የገባበት ወጥ፣ ወይም ለውዝ በልተው ይዋጡ» ይሻላል። ታማሚ ደግሞ አፉን ይመረዋል፣ ምግብ አያይም። «መብላት ካቃተዎት ኪኒኑን አይተዉት፤ ውጠው እንደቻሉ ቶሎ ይብሉ» የሚል መስመር መጨመር አለበት። እዚህ ላይ ወረቀቱ ረዘመ። ይርዘም። ማቅለል ማሳጠር ነው የሚል ሰው ያጋጥማል፤ እኔ አልስማማም።

ከሁሉ የሚከብደው የአደጋ ምልክቱ ክፍል ነው። «መንቀጥቀጥ ካለ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ» ይላል። ግን ወባ የያዘው ሰው ሁሉ ብርድ ብርድ እያለው ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ ሊል የፈለገው ራስን የሚያስተውን ነው። አንድ ቃል ሁለቱን ስለያዘ፣ ቤተሰብ ወይ በየብርዱ ይደነግጣል፣ ወይ እውነተኛውን አደጋ «ያው ወባው ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። ይህን በአንድ ቃል ለማዳን መሞከር ከንቱ ድካም ነው። የሚታየውን መጻፍ ነው የሚሻለው፦ «ራሱን ስቶ፣ ዓይኑ ተገልብጦ፣ እጅና እግሩ ከተርገፈገፈ።» «የንቃተ ህሊና መዛባት» ደግሞ «ከቃዠ፣ የቤቱን ሰው መለየት ካቃተው» ይሆናል። «የሽንት ቀለም ለውጥ» የሚለው «ሽንቱ ኮካ ኮላ ከመሰለ» ቢባል ማንም ይገባዋል።

ወረቀቱ መቅለሉን በምን እናውቃለን? እንግሊዝኛ ጽሑፍን በክፍል ደረጃ የሚመዝኑ ቀመሮች አሉ፤ የቃሉን የድምፅ ክፍሎችና የዓረፍተ ነገሩን ርዝመት ይቆጥራሉ። ለአማርኛ ብዙም አይበጁም። «ካልተሻላቸው» አንድ ቃል ነው፤ ግን ማን፣ ምን፣ ከሆነ፣ ካልሆነ የሚለውን ሁሉ ተሸክሟል። ስለዚህ መለኪያው ሰው ነው።

«ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ግን ዋጋ የለውም። በእኛ ይሉኝታ መልሱ «አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ነው። ወረቀቱን ካነበቡ በኋላ «ሁለተኛውን መቼ ነው የሚውጡት? ከምን ጋር? ስንት ኪኒን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከአምስት ሰው ሁለቱ ሰዓቱን ካሳሳቱ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው፤ መስመሩ እንደገና ይጻፋል።

ሌላም መንገድ አለ። ገጠር ቤት ውስጥ ወረቀቱን የሚያነበው ብዙ ጊዜ ታማሚው ሳይሆን ተማሪ ልጁ ነው፣ ያውም ጮክ ብሎ። ስለዚህ አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ፊት ተቀምጦ ሲያነብ መስማት ነው። «አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን» ላይ መደናቀፉ አይቀርም። እዚያ «ኮአርተም» ብሎ ቀድሞ፣ ረጅሙን ስም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከታች በኩል ማስቀመጥ ይበቃል፤ ሌላ ፋርማሲ ቢሄድ ያስፈልገዋልና ጨርሶ አይጠፋም።