ሁለቱም 7.3 ኪሎ ናቸው፤ የምታሳስበው ግን አንዷ ናት

እህቴ፣ የአንዲት ሕፃን ክብደት 15ኛ ፐርሰንታይል ላይ መሆኑ እንደ ፈተና ውጤት ከመቶ 15 ማግኘት አይደለም። በዕድሜ እኩያዋ የሆኑ 100 ጤነኛ ሴት ልጆች ቢመዘኑ፣ 15ቱ ከእሷ ይቀላሉ ማለት ነው።

ሁለት የዘጠኝ ወር ሴት ልጆችን እንውሰድ። ሁለቱም 7.3 ኪሎ ናቸው፤ በዓለም ጤና ድርጅት ሠንጠረዥ 15ኛው መስመር ላይ። አንዷ በስድስት ወሯ 6.4 ነበረች፤ ያንኑ መስመር ይዛ እየወጣች ነው። ሌላዋ ግን ያኔም 7.3 ነበረች፣ 50ኛው ላይ። ሦስት ወር ሙሉ አልጨመረችም፤ ነጥቦቹን ስታያይዢ መስመሩ ጋደም ይላል። እኔን የምታስጨንቀኝ እሷ ናት። ሚዛኑን ዜሮ ላይ አድርገሽ፣ ልብሷን አስወልቀሽ ድገሚ። ያው ከሆነ የክንዷን ዙሪያ ለኪ፤ እናቷን ስለ ተቅማጥና ተጨማሪ ምግብ መቼ እንደጀመረች ጠይቂያት።