የአለት ዑደት ምንድን ነው? ጭቃ እንዴት ግራናይት ይሆናል

የግራናይት ስባሪን ቀረብ አድርገው ቢያዩት ሦስት ዓይነት ነገር ይታያል። ነጭ ወይም ሮዝ መልክ ያለው፣ ሲሰበር ጠፍጣፋ ገጽ የሚያወጣው ፌልድስፓር ነው። ግራጫና መስታወት መሰሉ ኳርትዝ ነው። በጥፍር ሲነኩት በስስ በስሱ የሚላጠው ጥቁር ነገር ደግሞ ሚካ ይባላል። ሦስቱም እርስ በርስ የተቆላለፉ ክሪስታሎች ናቸው።

እነዚህ ክሪስታሎች በዓይን መታየታቸው ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። አለቱ አንድ ጊዜ ቀልጦ ነበር። ከዚያ መሬት ውስጥ፣ ኪሎ ሜትሮች ጥልቀት ላይ እንዳለ፣ በጣም በዝግታ ቀዘቀዘ። ክሪስታል ለማደግ ጊዜ ይፈልጋልና። ያው ቅልጥ አለት በእሳተ ገሞራ ወደ ላይ ፈንድቶ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ቶሎ ይጠጥር ነበር። ክሪስታሎቹም በዓይን የማይለዩ ደቃቅ ሆነው ይቀሩ ነበር።

እንዲህ ቀልጦ የቀዘቀዘው እሳት ወለድ አለት ይባላል። ተሸርሽሮና ተጠራቅሞ የጠነከረው ደለል ወለድ ነው። ሳይቀልጥ በሙቀትና በግፊት መልኩን የቀየረው ደግሞ ልውጥ አለት ነው። አንዱ ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ በጠቅላላው የአለት ዑደት ይባላል። መንገዶቹ ብዙ ናቸው። እዚህ የምንከተለው አንዱን ብቻ ነው፤ ግራናይት ጭቃ ሆኖ፣ ጭቃው ተመልሶ ግራናይት የሚሆንበትን።

ግራናይት ጠንካራ ነው ይባላል፤ ዝናብ ግን ያሸንፈዋል። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድ ትንሽ አሲድነት አለው። ይህ ደካማ አሲድ በስንጥቆቹ ገብቶ ፌልድስፓሩን ያጠቃል። ፖታሲየሙንና ሶዲየሙን አሟሙቶ ይወስዳል። የሚቀረው ወደ ሸክላነት ይቀየራል፤ ማለትም በጣም ደቃቅ ወደሆነ አዲስ ማዕድን። ኳርትዙ ግን በቀላሉ አይበገርም። ስለዚህ ፌልድስፓሩ ሲበሰብስ አለቱ ይላላል፣ ኳርትዙም እህል እህል ሆኖ ይረግፋል። በብዙ የባህር ዳርቻ ያለው አሸዋ በአብዛኛው ኳርትዝ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው ሲያልቅ እሱ ይቀራል።

ቀጥሎ ወንዝ ይለያያቸዋል። የወንዙ ጉልበት ሲቀንስ መጀመሪያ ጠጠሩ፣ ቀጥሎ አሸዋው ይቀመጣል። ሸክላው ቅንጣቱ ከ0.004 ሚሊሜትር ስለሚያንስ ውሃው ፈጽሞ ጸጥ እስኪል አይወርድም። ስለዚህ ርቆ ይሄዳል፣ ብዙውም ባህር ውስጥ ይገባል።

ባህር ወለል ላይ ያረፈ ትኩስ ጭቃ ከግማሽ በላዩ ውሃ ሊሆን ይችላል። በላዩ ሌላ ጭቃ ሲከመርበት ውሃው ይጨመቃል። ቅንጣቶቹ ይጠጋጋሉ። በመሃላቸው የሚያልፈው ውሃም ያሟሟውን ማዕድን እያስቀመጠ ያጣብቃቸዋል። ውጤቱ ሼል የሚባለው፣ በስስ ንብርብር የሚሰነጠቅ ደለል ወለድ አለት ነው። አሸዋውም በዚያው መንገድ የአሸዋ ድንጋይ ይሆናል።

እስካሁን ያለው ብዙ አያከራክርም። ነገሩ የሚወሳሰበው ከዚህ በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትም እዚሁ ነው።

ወደ መሬት ውስጥ በገባን ቁጥር ሙቀቱ በየኪሎ ሜትሩ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይጨምራል። ከቦታ ቦታ ቢለያይም መነሻ አድርጎ መያዝ ይቻላል። ሼሉ ተቀብሮ ወይም በተራራ ምስረታ ተጨምቆ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሲደርስ ሸክላው እንደ ሸክላ መቆየት አይችልም። አተሞቹ ቦታ እየቀየሩ ወደ ደቃቅ ሚካ ይደራጃሉ። አለቱ ግን ቀልጧል ማለት አይደለም። ከላይ እስከ ታች ጠጣር እንደሆነ ነው የሚለወጠው። ልውጥ አለትን ከቅልጥ አለት የሚለየው ዋናው ነጥብ ይህ ነው።

አዲሶቹ ሚካዎች ጠፍጣፋ ስለሆኑ ግፊቱ ከሚመጣበት አቅጣጫ ጎናቸውን ሰጥተው ይሰለፋሉ። በዚህ የተነሳ አለቱ በሰልፉ አቅጣጫ እንደ ሰሌዳ ይሰነጠቃል። ለቤት ጣሪያና ለጽሑፍ ሰሌዳ ሲያገለግል የኖረው ስሌት የተባለው ድንጋይ ይህ ነው። አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። ስሌት የሚሰነጠቅበት አቅጣጫ ጭቃው መጀመሪያ ከተነጠፈበት ንብርብር ጋር አንድ መሆን የለበትም። አንዳንዴ የድሮው ንብርብር አዲሱን ስንጥቅ አቋርጦት ሲያልፍ ባንዱ ድንጋይ ላይ ሁለቱም ይታያሉ። አንዱ ባህሩ የሠራው ነው፣ ሌላው ግፊቱ።

ሙቀቱ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሲያልፍ ሚካዎቹ በዓይን እስኪታዩ ያድጋሉ፤ አለቱም ያብለጨልጫል። ሺስት ይባላል። ብዙ ጊዜ ቀያይ የጋርኔት ክሪስታሎች በመሃሉ ብቅ ብቅ ይላሉ። 600 ዲግሪን ሲሻገር ብሩሁና ጥቁሩ ማዕድን ተለያይቶ ሽንትር ሽንትር ይሠራል። ይህ ናይስ ነው። አሁን ይህን ድንጋይ ይዞ «ጭቃ ነበር» ቢሉት ማን ያምናል?

አሸዋ ድንጋዩም በዚህ ሙቀት ይለወጣል፣ ኳርትዛይት ይሆናል። ሁለቱን መለየት ከባድ አይደለም። በመዶሻ ሲመቱት የአሸዋ ድንጋይ በቅንጣቶቹ ዙሪያ ይሰበራል፤ እጅ ሲያስኬዱበት ይሻክራል። ኳርትዛይት ግን ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለተዋሃዱ ስብራቱ ቅንጣቶቹን ራሳቸውን ሰንጥቆ ያልፋል።

ቀጥሎ መቅለጥ ይመጣል። «ሙቀትና ግፊት ሲበዛ አለት ይቀልጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር በየቦታው አለ። ግማሹ ስህተት ነው። ግፊት መቅለጥን አያግዝም፤ እንዲያውም ያስቸግራል። አለት ሲቀልጥ ይሰፋል፣ ግፊት ደግሞ መስፋትን ይከለክላል። ስለዚህ ደረቅ አለት በግፊት ውስጥ እንዲቀልጥ ጭራሽ የባሰ ሙቀት ይጠይቃል። በውቅያኖስ ወለል መሃል ለመሃል በተዘረጉት የተራራ ሰንሰለቶች ሥር ባዛልት የተባለው እሳት ወለድ አለት የሚፈጠረው በተቃራኒው ነው። ከታች የነበረው ሙቅ አለት ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስለት ይቀልጣል። ማንም እሳት አልጨመረበትም።

ለናይሳችን ግን ወሳኙ ውሃ ነው። ውሃ የሌለበት ግራናይት መሰል አለት ለመቅለጥ ወደ 1,000 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። ውሃ ካለ ከ650 እስከ 700 ዲግሪ ይበቃዋል። ውሃው ከየት ይመጣል ቢባል፣ ከሚካው ነው። ሚካ በክሪስታሉ ውስጥ ትንሽ ውሃ አስሮ ይዟል። ሙቀቱ ሲበዛበት ይፈርስና ያንን ውሃ ይለቃል፤ አጠገቡ ያለው ኳርትዝና ፌልድስፓርም መቅለጥ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚቀልጠው ጥቂቱ ብቻ ነው። በጥቁሩ አለት መሃል ነጫጭ ጅማቶች ይወጣሉ። ግማሹ ልውጥ፣ ግማሹ እሳት ወለድ የሆነውን ይህን አለት ሚግማታይት ይሉታል። ከየጅማቱ የተሰበሰበው ቅልጥ ከአካባቢው አለት ስለሚቀል በስንጥቆች እየገፋ ወደ ላይ ይወጣል። የሆነ ጥልቀት ላይ ይቆምና በዝግታ ይቀዘቅዛል። ግራናይት ሆነ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ነጭ ሚካና ጋርኔት ስለሚኖርበት ወላጁ ጭቃ እንደነበር ያሳብቅበታል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቦታ የሚታይበት ተራራ አለ፤ ኤቨረስት ነው። ከባህር ጠለል በላይ 8,849 ሜትር የሚደርሰው ጫፉ የኖራ ድንጋይ ነው። በውስጡ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በፊት በባህር የኖሩ እንስሳት ቅሪቶች አሉበት። ከጫፉ ወረድ ሲሉ ያው የኖራ ድንጋይ ዓይነት በሙቀት ተለውጦ ወደ እምነ በረድነት የሄደበት ቢጫማ ቀበቶ ይገኛል። ከዚያ በታች ሺስት ይመጣል። ተራራው ሥር ደግሞ ናይስና ሚግማታይት፣ በመሃላቸውም የገቡ ነጫጭ የግራናይት ንጣፎች አሉ። እነዚህ ግራናይቶች ዕድሜያቸው 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የህንድ ምድር ከእስያ ጋር ከተጋጨ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ወደ ታች የተጨመቀው የድሮ ባህር ደለል ቀልጦ የወለዳቸው ናቸው። ይህ የንብርብር ቅደም ተከተል እንደተነጠፈ የቆየ እንዳይመስልዎ። በመሃሉ ትልልቅ ስብራቶች አልፈው አንዱን በሌላው ላይ አንሸራትተውታል።

አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዑደት ስለተባለ እያንዳንዱ አለት ሁሉንም ጣቢያ በተራ ይጎበኛል ማለት አይደለም። አብዛኛው አቋራጭ ይሄዳል። ሺስቱ ሳይቀልጥ ወደ ላይ ከወጣ በቀጥታ ተሸርሽሮ ጭቃ ይሆናል። ግራናይት ራሱ ከተጨመቀ ናይስ ይሆናል። የአሸዋ ድንጋይ ተፈርፍሮ ተመልሶ አሸዋ፣ እንደገና የአሸዋ ድንጋይ ሊሆን ይችላል። ኳርትዝ ይህን ደጋግሞ የማድረግ ዕድል አለው።

ኤቨረስት ያለበት ሂማላያም ዛሬ እየተፋቀ ነው። ጋንጀስና ብራህማፑትራ ደለሉን ተሸክመው ቤንጋል ባህረ ሰላጤ ውስጥ ይጨምራሉ። እዚያ የተከማቸው የዓለማችን ትልቁ የባህር ሥር ደለል ነው፤ አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ከ16 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በየኪሎ ሜትሩ 25 ዲግሪ በሚለው ግምት ቢታሰብ ከታች ያለው ደለል 400 ዲግሪ ነክቷል ማለት ነው፤ ሺስት የሚጀምርበት ሙቀት። በምሥራቁ ጠርዝ ደግሞ የባህሩ ወለል ከማያንማር ሥር ሲገባ የላዩ ደለል እየተፋቀ ወደ ላይ ይቆለላል። ከህንድና ከማያንማር ድንበር አጠገብ ያሉት ተራሮች በከፊል የተሠሩት ከዚሁ ደለል ነው።