«ስኳር አለብዎት?» ማስታወቂያውን ለምን ያስጥላል?

እዚህ ድሬ ፌስቡክ ላይ የምናስተዋውቅ ሰዎች ይሄን ጥያቄ ደጋግመን እናነሳለን። ሰሞኑን ከዚራ ያለች አንዲት የጥቁር አዝሙድ ዘይት ነጋዴ ማስታወቂያዋ ሁለቴ ተመለሰባት። ጽሑፉ «ስኳር አለብዎት? ዘይታችን ያድንዎታል» ይላል። እሷ የጠረጠረችው ፎቶውን ነበር። ፎቶው ግን ምንም አልነበረበትም።

አንደኛው ችግር አነጋገሩ ነው። የፌስቡክ የማስታወቂያ ደንብ የአንባቢውን በሽታ እንደምናውቅ አስመስለን እንድናናግረው አይፈቅድም። «እርስዎ» ማለት ክልክል አይደለም፤ ከበሽታ ጋር ሲጣመር ነው የሚያስጥለው። ገንዘብም እንደዚያው ነው። «ዕዳ አስጨንቆዎታል?» ይወድቃል። «ስለ ብድር አከፋፈል እናማክራለን» ግን ስለ አገልግሎቱ ብቻ ነው የሚያወራው።

ሌላው «ያድናል» የሚለው ቃል ነው። ይሄን ማለስለስ አያዋጣም፣ መውጣት አለበት። ደግሞስ ስኳር ያለበት ሰው አምኖ መድኃኒቱን ቢያቆም?

እንዲህ አድርገን ጻፍነው፦ «የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ እዚሁ ድሬ የተጨመቀ። ለምግብ የሚሆን። 250 ሚሊ ሊትር።»

ሊንኩ የሚወስደው ገጽ ላይም «ያድናል» የሚል ካለ አጥፉት፤ እሱም ይታያል። ግምገማው አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቃል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። አንዴ ያለፈ ማስታወቂያም በኋላ ተመልሶ ሊታይና ሊታገድ ይችላል።